ቁርጥ ዋጋ ወይስ ወጪ ተመላሽ? ቤት የሚያሠራ ሰው ሲፈርም የሚሸከመው አደጋ

«ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ከ12 ሚሊዮን ብር በላይ አንድ ሳንቲም አትጨምሩም ብሎኛል» አላት ወንድሟ በስልክ። እህትየው የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ባለው ቦታዋ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልታሠራ ነው። ሁለተኛው ተቋራጭ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አቅርቧል፦ «የወጣውን ሁሉ በደረሰኝ እያሳየሁ እሠራለሁ፤ ለእኔ ከወጪው ላይ አሥር በመቶ ትከፍሉኛላችሁ።» የአማካሪው መሐንዲስ ግምት 10 ሚሊዮን ብር ስለሆነ በዚህ ሒሳብ ቤቱ በ11 ሚሊዮን ያልቃል። «እና የቱ ይሻለናል፣ እትዬ? አንድ ሚሊዮን ብር እኮ ቀላል አይደለም።»

ታሪኩን ለማስረዳት ስል ያቀናበርኩት ነው፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ጥያቄው ግን በየቀኑ የሚጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚመለሰው በተሳሳተ መንገድ ነው። ሰዎች ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ትንሹን ይመርጣሉ፤ ወይም «ቁርጥ» የሚለው ቃል ስለሚያረጋጋ ትልቁን ይቀበላሉ። ነገር ግን 12 ሚሊዮኑና 11 ሚሊዮኑ አንድ ዓይነት ቁጥሮች አይደሉም። የመጀመሪያው ተቋራጩ የገባው ቃል ሲሆን ሁለተኛው ግምት ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ልዩነቱን የምትከፍለው እህትየው ናት። ሁለቱ ውሎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ ዛሬ የማይታወቀው ነገር ነገ ሲገለጥ ሒሳቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድመው ይወስናሉ።

ቁርጥ ዋጋ ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው?

በቁርጥ ዋጋ ውል ተቋራጩ በንድፉና በሥራ ዝርዝሩ መሠረት ቤቱን በአንድ ጥቅል ዋጋ ሠርቶ ለማስረከብ ይፈርማል። ሲሚንቶ ቢወደድ፣ አናጺው ጥሎ ቢሄድ፣ የተገዛው ብረት ቢሰረቅ ጉዳቱ የእሱ ነው። ዕቃ ቢረክስና ሥራው ቢፈጥንለትም ትርፉ የእሱ ነው። የ12 ሚሊዮኑን ብር ውስጥ ከፍተን ብናየው 10 ሚሊዮኑ የሥራው ወጪ፣ አንዱ ሚሊዮን የተቋራጩ ትርፍ፣ የቀረው አንድ ሚሊዮን ደግሞ ለክፉ ቀን የያዘው ነው። እህትየው ይህን የመጨረሻውን ሚሊዮን የምትከፍለው ለመድን እንደሚከፈል አረቦን ነው። ክፉው ቀን ካልመጣ ገንዘቡ አይመለስላትም፤ ይህም ፍትሐዊ ነው፤ የመኪና መድን የገዛ ሰው መኪናው ስላልተጋጨ ገንዘቤ ይመለስ አይልም።

ዋናው ጥያቄ ክፉው ቀን ሲመጣ ይህ መድን በእርግጥ ይከፍላል ወይ የሚለው ነው። እኔ ያየሁት ችግር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መድኑ በሦስት በኩል ያፈስሳል።

አንደኛው በኩል ግልጽ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ቁርጥ ዋጋ የሚቆርጠው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥራ ብቻ ነው። ንድፉ «በር» ብሎ እንጨቱን ካልተናገረ፣ «ሴራሚክ» ብሎ ደረጃውን ካልገለጸ፣ አጥሩን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱንና የውኃ ታንከሩን ከረሳ፣ እነዚህ ሁሉ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» ተብለው ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ ጨረታ የለም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ተቋራጭ አንድ ብቻ ስለሆነ ዋጋውን የሚጠራውም እሱ ነው። አንዳንዱ ተቋራጭ ገና ከመጀመሪያው ንድፉ ላይ የጎደለውን አይቶ ሥራውን በዝቅተኛ ዋጋ ይወስድና ትርፉን ከተጨማሪ ሥራ ይጠብቃል። ስለዚህ ንድፉ ያላለቀ ቤት ላይ ቁርጥ ዋጋ መፈረም ዋጋውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ መቁረጥ ነው። ለተጨማሪ ሥራ የሚሠራበት ነጠላ ዋጋ፣ ማለትም የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ የአንድ ካሬ ሜትር ልስን ዋጋ፣ ውሉ ሲፈረም አብሮ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው በኩል ጥራት ነው። በቁርጥ ዋጋ ውል ተቋራጩ የሚቆጥበው እያንዳንዱ ብር የራሱ ትርፍ ነው። ይህ መልካም ጎን አለው፤ ዕቃ እንዳይባክንና ሥራ እንዳይጓተት ያደርጋል። ዳሩ ግን ቁጠባው ኮንክሪት የሚሸፍነው ቦታ ላይ ሲደርስ ለማንም አይታይም። አንድ ኮለን፣ ማለትም ፎቁን የሚሸከም የኮንክሪት ምሰሶ፣ እንመልከት። ንድፉ በቋሚ ብረቶቹ ዙሪያ የሚታሰረው ስታፋ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን ይላል። ታችኛው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ በሜትር የሚለካ ሰው 15 ያገኛል። መሐል ላይ 20፣ ከዚያ ከፍ ሲል 25 ይሆናል። ጣውላው ከታሸገና ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ይህን የሚያውቀው ብረቱን ያሰረው ሰው ብቻ ነው፤ ሕንጻው ግን የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣ ቀን ያውቀዋል።

ብረቱ ራሱም እንዲሁ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ ብረት አንዳንዴ ከ12 ያነሰ ይሆናል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስደን በራሱ አባዝተን ለ162 ብናካፍለው የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጠናል፦ 12 × 12 ÷ 162 ወደ 0.89 ኪሎ ይመጣል። ብረቱ የሚሸጠው በ12 ሜትር ርዝመት ስለሆነ አንዱ ሙሉ ዘንግ 10 ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ወንድምየው ከተራገፈው ብረት ላይ አሥር ዘንግ መርጦ ቢያስመዝንና 107 ኪሎ አካባቢ መሆን ያለበት 95 ኪሎ ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ ዘንግ ከአንድ ኪሎ በላይ ብረት ጎድሏል ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ቁርጥ ዋጋ አሠሪውን ከክትትል ነጻ አያደርገውም ለማለት ነው። የሚቀየረው የሚጠበቀው ነገር ነው። በቁርጥ ዋጋ ደረሰኝ ማገላበጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ተቋራጩ ሲሚንቶውን በስንት እንደገዛው አሠሪውን አይመለከተውም። የሚመለከተው ሲሚንቶው ኮንክሪቱ ውስጥ መግባቱ፣ የፈሰሰው ኮንክሪትም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሳይደርቅ ውኃ እየጠጣ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ውሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት፦ የአሠሪው ተቆጣጣሪ ብረቱን ቆጥሮ ሳይፈርም ምንም ኮንክሪት አይፈስም። ተቆጣጣሪው ደግሞ ደመወዙን የሚያገኘው ከእህትየው እንጂ ከተቋራጩ መሆን የለበትም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው መፍሰሻ የተቋራጩ አቅም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በቁርጥ ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ሁሉ የውጭ ዕቃ የሚገዛበት ሒሳብ ተናጋበት።

በእኛ ምሳሌ ላይ እናስላው። ከ10 ሚሊዮኑ ወጪ ውስጥ 4 ሚሊዮኑ ከውጭ የሚመጣ ወይም ዋጋው ከዶላር ጋር የሚሄድ ዕቃ ነው እንበል፦ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ። ይህ 40 በመቶ ቢጨምር ተቋራጩ 1.6 ሚሊዮን ብር ይጎድለዋል። ለክፉ ቀን የያዘው አንድ ሚሊዮን ያልቅና ከትርፉም 600 ሺሕ ይሄዳል፤ ቢሆንም ይቋቋመዋል። 70 በመቶ ቢጨምር ግን ጉድለቱ 2.8 ሚሊዮን ነው። መጠባበቂያውም ትርፉም አልቀው ከራሱ ካፒታል 800 ሺሕ ብር ማውጣት አለበት። ይህ ገንዘብ ከሌለው በወረቀቱ ላይ ያለው ቁርጥ ዋጋ ምን ይሠራል? ፍርድ ቤት ሄዶ ማሸነፍ ይቻላል፤ የተፈረደበት ሰው የሚከፍለው ከሌለው ግን ግቢው ውስጥ ያለው ግማሽ ቤት ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ተቋራጭ የጀመረውን ሥራ ሲረከብ ደግሞ በአዲሱ ዋጋ ነው የሚረከበው፤ ሌላ ሰው የሠራውን መሠረት ኃላፊነት ስለሚወስድም ተጨማሪ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ተቋራጭ እየሰጠመ መሆኑን አይናገርም። ምልክቶቹ ግን ይታያሉ። ትናንት ሃያ የነበሩት ሠራተኞች ስምንት ይሆናሉ። በመኪና ይመጣ የነበረው ሲሚንቶ በአሥር በአሥር ኩንታል መምጣት ይጀምራል። የሚቀጥለው ክፍያ ሥራው ሳይደርስ ይጠየቃል፤ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አሳማኝ ነው። በዚህ ጊዜ እህትየውን የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስከዚያ ቀን የከፈለችው ገንዘብ ከተሠራው ሥራ ዋጋ አለመብለጡ። ቅድሚያ ክፍያ 30 በመቶ፣ ማለትም 3.6 ሚሊዮን ብር ሰጥታ ከሆነና መሬት ላይ የሚታየው የአንድ ሚሊዮን ሥራ ከሆነ፣ በቁርጥ ዋጋ ስም ለተቋራጩ ያለ መያዣ ገንዘብ አበድራለች። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ የባንክ ወይም የመድን ዋስትና ይቅረብበት፤ ዋስትና ከሌለ ትንሽ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ክፍያም እየተቀነሰ ይመለስ።

ሌላው መፍትሔ ጨዋነት ያለበት ነው፤ ተቋራጩ ሊሸከመው የማይችለውን አደጋ ከጫንቃው ላይ ማውረድ። ውሉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ብረትና ሲሚንቶ፣ በፈረሙበት ቀን የነበራቸው ዋጋ ይጻፋል። ጭማሪው እስከ 10 በመቶ ከሆነ ተቋራጩ ይችለዋል፤ ከዚያ ካለፈ ከ10 በመቶ በላይ ያለውን አሠሪዋ ትከፍላለች። ዋጋው ከወረደም በዚያው ልክ ይቀነስላታል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «ታዲያ ቁርጡ የት አለ?» ይላሉ። እኔ ግን ይህን አንቀጽ የተቀበለ ተቋራጭ ለክፉ ቀን የሚይዘውን ገንዘብ እንዲቀንስ መደራደር እንደሚቻል፣ ቤቱም የማለቅ ዕድሉ እንደሚጨምር አምናለሁ። ገንዘቡ ካለ ብረቱን አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥም ይቻላል። ሲሚንቶ ግን እንዲህ አይደረግም፤ መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር ከቆየ እርጥበት እየሳበ ጉልበቱን ያጣል።

ቁርጥ ዋጋ የገዢን ገንዘብ ጠብቆ ጊዜውን ሊያስበላው እንደሚችል ለማየት ከቤት ሥራ እጅግ የራቀ ግን በሰነድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ አየር ኃይል አየር ላይ ነዳጅ የሚያድል ኬሲ-46 የተባለ አውሮፕላን እንዲሠራለት ከቦይንግ ጋር ሲዋዋል፣ ለማበልጸጊያው ሥራ መንግሥት የሚከፍለው ከ4.9 ቢሊዮን ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀለት። ወጪው ጣሪያውን ጥሶ ሲሄድ ኪሳራው የቦይንግ ሆነ፤ ኩባንያው በዓመታት ውስጥ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዝግቧል። የአየር ኃይሉ ካዝና ተጠብቋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. እስከ ነሐሴ 2017 ድረስ 18 አውሮፕላኖች መረከብ የነበረበት አየር ኃይል የመጀመሪያውን የተረከበው በጥር 2019 ነው፤ ያውም ነዳጅ የሚያድለው ባለሙያ የሚያይበት የካሜራ ሥርዓት ጉድለት እያለበት። ቦይንግን የሚያህል ተቋራጭ ስለነበረ ኪሳራውን ችሎታል። ሰፈር ውስጥ አምስት ሠራተኛ ያለው ተቋራጭ አይችለውም።

ወጪ ተመላሽ

አሁን ወደ ሁለተኛው ተቋራጭ እንሂድ። የእሱ ውል የወጣውን ወጪ መልሱልኝና ክፍያዬን ጨምሩልኝ የሚል ነው። ለክፉ ቀን ብሎ የሚይዘው ገንዘብ ስለሌለ ነገሮች በሰላም ከሄዱ ይህ ውል ይረክሳል። ኮንክሪቱ ላይ ሲሚንቶ የሚሰርቅበት ምክንያትም የለውም፤ ያወጣው ይመለስለታል። ንድፉ ባያልቅም፣ አሠሪዋ በየወሩ ሐሳቧን ብትቀይርም ጭቅጭቅ የለም። ጥሩ ጎኖቹ እውነተኛ ናቸው።

አደጋው አሥር በመቶ የምትለዋ ቃል ውስጥ ተሸሽጓል። ተቋራጩ ብረት ሊገዛ ሄደ እንበል። አንዱ ነጋዴ በ100 ሺሕ ብር፣ ሌላው ያንኑ ብረት በ120 ሺሕ ብር ይሸጣል። ከመጀመሪያው ቢገዛ ክፍያው 10 ሺሕ፣ ከሁለተኛው ቢገዛ 12 ሺሕ ብር ነው። ርካሹን ፍለጋ ግማሽ ቀን ደክሞ ሁለት ሺሕ ብር ያጣል ማለት ነው። ይህ ሰው ሌባ መሆን አያስፈልገውም፤ ውሉ ራሱ በየቀኑ ወደ ውድነት ይገፋዋል። ወጪው ከ10 ወደ 14 ሚሊዮን ቢወጣ እህትየው 15.4 ሚሊዮን ትከፍላለች፤ የተቋራጩ ክፍያም ከአንድ ሚሊዮን ወደ 1.4 ሚሊዮን ያድጋል። ሥራው በተበላሸ መጠን ያበላሸው ሰው የበለጠ ይከፈለዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለብዙ ሥራዎቹ ወጪ ተመላሽ ውል ይጠቀማል፤ ክፍያው በወጪው መቶኛ የሚሰላውን ዓይነት ግን በሕግ ከልክሎታል። እህትየውም ይህን አንዱን ብቻ ብትከለክል ብዙ ትድናለች።

ምትኩ ክፍያው ቁርጥ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ወጪው ይመለሳል፣ ክፍያው ግን ወጪው ቢጨምርም ቢቀንስም ያው አንድ ሚሊዮን ብር ነው። በዚህ ውል 14 ሚሊዮን ቢወጣ የምትከፍለው 15 ነው። አሁንም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ማስወደድ ለተቋራጩ አይጠቅመውም። ሥራው ሲራዘም ያው አንድ ሚሊዮን ለብዙ ወራት ስለሚበተንበት መጨረስ ይፈልጋል። ከዚህ ጠንከር ያለው ደግሞ መጋራት ነው፤ የታለመው ወጪ 10 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፍና ከዚያ የሚያንሰውንም የሚበልጠውንም እኩል ይካፈሉታል። በ9 ሚሊዮን ቢያልቅ የተቆጠበችውን አንድ ሚሊዮን ይካፈሏታል፤ እህትየው በጠቅላላው 10.5 ሚሊዮን ትከፍላለች፣ የተቋራጩ ክፍያም 1.5 ሚሊዮን ይሆናል። 11 ሚሊዮን ቢደርስ ከክፍያው 500 ሺሕ ይቀነስበትና የእሷ ድምር 11.5 ይሆናል። አሁን ሁለቱም ርካሹን ነጋዴ ይፈልጋሉ።

ይሁንና ክፍያው ምንም ዓይነት ቢሆን ወጪ ተመላሽ ውል አንድ ጥያቄ ካልመለሰ ዋጋ የለውም፦ ወጪ የሚባለው ምኑ ነው? የተቋራጩ ፒክአፕ ነዳጅ? የቢሮው ኪራይ? ኮንክሪት የሚፈስበት ጣውላ እዚህ ተገዝቶ በኋላ ሌላ ሥራ ቦታ ሲሄድ ማን ይከፍለዋል? ከሁሉ በላይ፣ ግንቡ ተጣሞ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ሁለተኛው ጊዜ ወጪ ነው ወይስ ቅጣት? በጽሑፍ ካልተከለከለ ተቋራጩ ላበላሸው ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። እነዚህ ነገሮች የሚጻፉት ሁሉም ወዳጅ በሆነበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ክትትሉም እዚህ መልኩን ይለውጣል። በዚህ ውል የሚጠበቀው በር መጋዘኑና ደረሰኙ ነው፤ ደረሰኝ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ ዕቃው ሌላ ቦታ ሊራገፍ ይችላልና። ደረሰኝ የሚፈተነው በተሠራው ሥራ ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ እና የሚሸከሙት ቢሞች አንድ ላይ 25 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወስደዋል እንበል። የሥራ ዝርዝሩ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ካዘዘ፣ 9,000 ኪሎ ወይም ባለ 50 ኪሎ 180 ከረጢት ያስፈልጋል። ለብክነት አምስት በመቶ ብንጨምር 189 ነው። ደረሰኙ 240 ከረጢት ካለ ሃምሳ ያህሉ የት እንደገባ ተቋራጩ ማስረዳት አለበት። ለቀን ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ የስም መቆጣጠሪያው የሚፈረመው ቅዳሜ ማታ ተሰብስቦ ሳይሆን በየቀኑ ጠዋት ሰዎቹ እየተቆጠሩ ነው።

ይህን ማን ይሠራዋል? እህትየው ሜሪላንድ ናት፤ ወንድምየው የራሱ ሥራ አለው። በየቀኑ ሥራው ቦታ የሚገኝ የታመነና ሙያውን የሚያውቅ ሰው ለሌለው አሠሪ ሙሉ ቤት በወጪ ተመላሽ ማሠራት አልመክርም። ለተቆጣጣሪ ደመወዝ የሚወጣው ገንዘብ ቢከብድም፣ የዚህ ውል ዋጋ አንዱ ክፍል መሆኑን ከመፈረም በፊት ማስላት ያስፈልጋል።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ ስህተት ላንሣ። ብዙ ሰው ዕቃውን ራሱ እየገዛ ለተቋራጩ የእጅ ዋጋ ብቻ በቁርጥ ይዋዋልና «በቁርጥ አሠራሁ» ይላል። የተቆረጠው የእጅ ዋጋው ነው። ከቤቱ ወጪ ትልቁ ክፍል ዕቃው ስለሆነ የዋጋ ንረቱም፣ ብክነቱም፣ ስርቆቱም አሠሪው ላይ ነው። እንዲያውም ቁርጥ የእጅ ዋጋ የተነገረው ግንበኛ መቸኮል እንጂ መቆጠብ አይጠቅመውም፤ ብሎኬት ቢሰበር፣ የተቦካ ሲሚንቶ ቢደርቅ የእሱ አይደለም።

ቤቱን ከፋፍሎ መዋዋል

አንድ ቤት ሙሉውን በአንድ ዓይነት ውል መሠራት እንዳለበት ማንም አላዘዘም። የማይታወቀው ነገር በቤቱ ውስጥ እኩል አልተሰራጨም። ትልቁ እንቆቅልሽ መሬት ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ አሠሪዋ ገና ያልመረጠቻቸው የማጠናቀቂያ ዕቃዎች ናቸው። በመሐል ያለው ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታ፣ ግንብና ጣሪያ ግን ንድፉ ካለቀ እስከ መጨረሻው ብረት ድረስ ይቆጠራል። ለዚህ ክፍል ከቁርጥ ዋጋ የበለጠ የሚስማማ የለም።

መሠረቱን በቅርብ እንየው። በአዲስ አበባ እንደ ቦሌ ባሉ አካባቢዎች ጥቁር መረሬ አፈር አለ። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውን ግንብም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ተቆፍሮ ይወጣና በቦታው ገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። ንድፉ 1.5 ሜትር ይቆፈር ይላል፤ ቤቱ የሚያርፍበት 120 ካሬ ሜትር ስለሆነ 180 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ቁፋሮው ሲጀመር ጥቁሩ አፈር እስከ 3 ሜትር ቀጠለ። ሌላ 180 ሜትር ኩብ ተጨመረ።

ይህ በቁርጥ ዋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ጠንቃቃው ተቋራጭ ፈርቶ ከመጀመሪያው 400 ሺሕ ብር ጨምሮ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር በ1.5 ሜትር ቢያልቅም ገንዘቡ የእሱ ነው። ያልጠነቀቀው ደግሞ አሁን ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ከፍቶ ለመደራደር ይቀመጣል፤ ወይም ገረጋንቲውን ሳይጠቀጥቅ ይሞላዋል። በወጪ ተመላሽ ቢሆን፣ ነዳጅ አጥቶ ሁለት ቀን የቆመው ቁፋሮ ማሽን ኪራይ ሳይቀር እህትየው ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው መንገድ ነጠላ ዋጋ ነው። ለመቆፈር፣ አፈሩን ለመጣልና ገረጋንቲ ሞልቶ ለመጠቅጠቅ ለአንድ ሜትር ኩብ 1,500 ብር ተብሎ አስቀድሞ ይዋዋላሉ። ጥልቀቱ ሲጨምር ተቆጣጣሪውና ተቋራጩ ሜትር ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ገረጋንቲው ከመሞላቱ በፊት ይለኩና ሁለቱም ይፈርማሉ። 180 ሲባዛ 1,500፣ ማለትም 270 ሺሕ ብር ይጨመራል። የጥልቀቱን አደጋ መሬቱ የእሷ የሆነው እህትየው ትሸከማለች፤ ማሽኑ የመቆሙን አደጋ ማሽኑን የሚያዝዘው ተቋራጭ ይሸከማል። ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ቢቆፈር ደግሞ የዚህ ድንገተኛ ነገር ብዙው ቀድሞ በታወቀ ነበር።

ለማጠናቀቂያው ዕቃ ደግሞ ወጪ ተመላሽ ይሁን፤ ሴራሚኩን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ዕቃና የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ራሷ በፎቶግራፍ እያየች ትመርጣለች፤ ዕቃውን በደረሰኝ ትከፍላለች፤ የተቋራጩ ክፍያ ግን ቁርጥ ነው። ውድ ሴራሚክ ብትመርጥ ጭማሪው የራሷ ምርጫ ነው፤ እሱም ወደ ውዱ የሚገፋፋት ምክንያት የለውም።

ድምሩ ይህን ይመስላል። መሠረቱ በነጠላ ዋጋ 1.6 ሚሊዮን ብር ተገመተ። መዋቅሩ፣ ግንቡና ጣሪያው የብረትና የሲሚንቶ ማስተካከያ አንቀጽ ባለው ቁርጥ ዋጋ 4.6 ሚሊዮን። ማጠናቀቂያው 4.4 ሚሊዮን ወጪና 400 ሺሕ ብር ቁርጥ ክፍያ። በጠቅላላው 11 ሚሊዮን ብር ነው። መሬቱ በመጥለቁ 270 ሺሕ ተጨመረ። እህትየው ከታሰበው የተሻለ ሴራሚክና በር ስለመረጠች 350 ሺሕ ተጨመረ። ብረቱ ላይ የመጣው ጭማሪ ከ10 በመቶ በታች ስለነበር ተቋራጩ ቻለው። የመጨረሻው ሒሳብ 11.62 ሚሊዮን ብር ሆነ።

ከ12 ሚሊዮኑ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ያንሳል ማለት አይደለም። ጥቁሩ አፈር 6 ሜትር ቢሆን ኖሮ በንድፉ ላይ 540 ሜትር ኩብ ተጨምሮ 810 ሺሕ ብር ያስወጣት ነበር፤ ያኔ ድምሩ ከ12 ሚሊዮኑ ያልፋል። ይህን አደጋ ስትፈርም አውቃ ወስዳዋለች፤ ለዚህም ከ11 ሚሊዮኑ ውጭ አንድ ሚሊዮን ብር በራሷ የባንክ ሒሳብ ለይታ አስቀምጣለች። በቁርጥ ዋጋው ውል ይህ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቋራጩ ነበር። አሁን ግን 620 ሺሁ ለሚታይ ነገር ወጥቶ፣ 380 ሺሁ እዚያው ሒሳቧ ውስጥ ቀርቷል።